ባሌ ቡና ይዞ ያሸልባል፤ እኔ ደግሞ ደክሞኝ እንቅልፍ አይወስደኝም

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። የ41 ዓመት መምህርት ነኝ፤ ሦስት ልጆች አሉን። ባለቤቴ 47 ዓመቱ ነው። የሰው ሚኒባስ ይነዳል፤ መስመሩ ጎንደር ደባርቅ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል። እሁድ እሁድ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ይተኛል። እንዲያም ሆኖ አቦሉን ሳይጨርስ ስኒውን እንደያዘ ያሸልባል። ጎረቤት ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቅና "ድካም ነው" ይላል። ማንኮራፋቱ ልጆቹ ክፍል ድረስ ይሰማል። አንዳንዴ ጭልጥ ብሎ ዝም ይልና እንደታነቀ ሰው ተንፈራግጦ ይተነፍሳል። ባለፈው ሳምንት ረዳቱ ለብቻዬ ጠርቶ "እትዬ፣ ዳባት ልንደርስ ስንል መኪናው መስመር ሲስት ጮኼ ነው የቀሰቀስኩት" አለኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው "ባለንብረቱ ከሰማ ቁልፉን ይቀበለኛል" ይላል። አምና አንድ ክሊኒክ ሄዶ "ደከመኝ" ብሎ ቫይታሚን ተሰጥቶት መጥቷል።

እኔም ከእሱ ያላነሰ ደክሞኛል። ግን ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ብል ዓይኔ አይከደንም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ከሁለታችን ድካም ያለበት ማነው? ሐኪም የሚያስፈልገውስ? እሱንስ እንዴት ላሳምነው?

የማራኪዋ

እህቴ፣ ከመሪው ልጀምር። ባለቤትሽ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ተሳፋሪ ጭኖ መንዳት የለበትም። የቤታችሁ እንጀራ ከዚያ መሪ እንደሚመጣ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ወደ ገንዘቡና ወደ ባለንብረቱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሹፌሩ ዓይን ለ3 ሰከንድ ቢከደን ሚኒባሱ 50 ሜትር ያህል ያለ ሹፌር ሄደ ማለት ነው። ከብትና ተማሪ በሚያቋርጠው መንገድ 50 ሜትር ብዙ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለውን የጥቂት ሰከንድ እንቅልፍ ተኚው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ስለዚህ ባለቤትሽ "ኧረ አልተኛሁም" ቢል እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ከእሱ ይልቅ የረዳቱን ቃል እመኚ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንምጣ። ሁለታችሁም "ደከመኝ" ትላላችሁ፤ ግን የያዛችሁ ነገር አንድ አይደለም። የደከመው ሰው ጉልበት ያጥረዋል። ሥራ መጀመር ይከብደዋል፣ ሰውነቱ ይዝላል፣ ማረፍ ይፈልጋል። ጋደም ሲል ግን እንደ አንቺ ዓይኑ ላይከደን ይችላል። ከልክ ያለፈ የቀን እንቅልፍ ያለበት ሰው ደግሞ እንቅልፉ ሳይፈልገው ይወስደዋል። እየሠራ፣ እየሄደ፣ እየተሟገተ እስካለ ድረስ ደህና ነው። ቁጭ ሲል፣ ዙሪያው ጸጥ ሲል፣ ሥራው አንድ ዓይነት ሲሆን ይጠፋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው "እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስሮጥ ነው የምውለው፣ ምንም አልሆንኩም" የሚለው። ሩጫው እንቅልፉን ሸፍኖለት ነው። ረጅም መንገድ መንዳት ግን ቁጭ ብሎ የሚሠራ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ነው።

ከምሳ በኋላ ትንሽ መፍዘዝ የማንም ሰው ነው። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። ለቅሶ ቤት አምሽቶ ወይም ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው በማግስቱ ቢያንቀላፋም ምንም የሚገርም ነገር የለውም፤ አንድ ሁለት ሌሊት በደንብ ሲተኛ ይስተካከላል። እኔን የሚያሳስበኝ በቂ ተኝቶም የማይለቅ፣ ለሳምንታት የቆየ፣ ሰው መሃል እንኳን የሚጥል እንቅልፍ ነው።

ሐኪሞች ይህንን የሚለኩበት አጭር መጠይቅ አለ፤ ኤፕወርዝ ይባላል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ሙሬይ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ነው። ስምንት ሁኔታዎችን ያነሳና በእያንዳንዱ ላይ የማሸለብ ዕድልህ ምን ያህል ነው ብሎ ይጠይቃል። በጭራሽ ከሆነ 0፣ ትንሽ ከሆነ 1፣ መካከለኛ ከሆነ 2፣ ከፍተኛ ከሆነ 3 ይሰጣል። ድምሩ ከ10 ካለፈ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ አለ ይባላል፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እንደ እኛ አገር አኗኗር አድርጌ ላቅርብልሽ።

ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ ለምሳሌ ዳዊት ሲደግም፤ ቴሌቪዥን ሲያይ፤ ሰው በተሰበሰበበት ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ ዕድር ላይ ወይም ስብከት ላይ እንበል፤ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ያለ እረፍት አንድ ሰዓት ሲጓዝ፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲል፤ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሲያወራ፤ መጠጥ ሳይቀምስ ምሳ በልቶ በጸጥታ ሲቀመጥ፤ በመጨረሻም መኪና ውስጥ ሆኖ መንገድ ተዘግቶ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆም።

ደብዳቤሽን ይዤ ለባለቤትሽ በግምት ሞላሁት። ስኒ በእጁ ይዞ ሰው መሃል የሚያሸልብ ሰው በወሬ ላይ ቢያንስ 2 ያገኛል። ለቴሌቪዥኑ፣ ለዕድሩ፣ ለተሳፋሪነቱ፣ ለከሰዓት መጋደሙና ለምሳ በኋላው 3፣ 3 ሰጠሁት። ለንባቡ 2፣ መንገድ ላይ ለመቆሙ 1። ድምሩ 20 መጣ፤ ጣሪያው 24 ነው። ላንቺ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ 1፣ ተሳፋሪ ስትሆኚ 1፣ ስትጋደሚ 1፣ ከምሳ በኋላ 1 ብሰጥሽ ከ4 አታልፊም። እናንተ ራሳችሁ ስትሞሉት ቁጥሩ ይለያይ ይሆናል፤ እንደዚያም ሆኖ ልዩነታችሁ ግልጽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን መጠይቅ ሹፌር ብቻውን ሲሞላው ቁጥሩ ዝቅ የማለት ጠባይ አለው። ሥራውን የሚፈራ ሰው ማን "3" ብሎ ይጽፋል? ስለዚህ እሱ ለብቻው ይሙላ፤ አንቺም ስለ እሱ ለብቻሽ ሙዪ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት አስተያዩ። ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ብቻም ነገሩ የለም ማለት አይደለም፤ መጠይቁ መንገድ ይጠቁማል እንጂ በሽታ አይበይንም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው "በቂ ይተኛል ወይ?" ነው። በዓለም ላይ ቀን ቀን ለሚያንቀላፋ ሰው ትልቁ ምክንያት ማታ አለመተኛቱ ነው። አዋቂ ሰው በሌሊት 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ብዙ ሹፌር ተራ ለመያዝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መናኸሪያ ይደርሳል። ማምሻውን ደግሞ ጓደኛ አለ፣ ኳስ አለ፣ ስልክ አለ። እንዲህ ላለው ሰው የምመክረው ቀላል ነው፤ ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ አንድ ሰዓት ጨምረህ ተኛ እለዋለሁ። እንቅልፉ ከቀለለ ዕዳ ነበር፣ ተከፈለ። ካልቀለለ ሌላ ነገር አለ።

የባለቤትሽን ሁኔታ ያወቅኩት በእሁዱ ነው። በሥራ ቀን አልጋ ላይ 7 ሰዓት ይቆያል፤ እሁድ ግን ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 11 ሰዓት ሙሉ። የእንቅልፍ ዕዳ ቢሆን ኖሮ እሁድ ከሰዓት ንቁ ሆኖ ባገኘሽው ነበር። እሱ ግን አቦሉ ላይ ያሸልባል። እንግዲህ የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን የእንቅልፉ ጥራት ነው የሚያጠራጥረው። ቀሪውን የነገረኝ ማንኮራፋቱና መሃል ላይ ዝም ማለቱ ነው።

ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል። በአንዳንድ ሰው ላይ ከልክ በላይ ላልቶ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ያ አንቺ የሰማሽው ዝምታ ይህ ነው። የደም ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ይደነግጥና ለጥቂት ሰከንድ ይነቃል። ጉሮሮው ሲከፈት ያ የታነቀ ሰው ድምፅ ይወጣል፣ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ ምንም አያስታውስም። በሕክምናው ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። ዝምታው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆየ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ትንፋሹ በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተቋረጠና ቀን ቀን እንቅልፍ ካስቸገረው በሽታው አለ ይባላል። 30ና ከዚያ በላይ ሲሆን ከባድ ነው። በሰዓት 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ደቂቃው በሩ የሚንኳኳበትን ሰው አስቢ፤ አልጋው ላይ 11 ሰዓት ቢቆይስ ምን ይጠቅመዋል?

ይህ ነገር መሪ ላይ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። የደም ግፊት ያመጣል፣ የነበረውንም ያባብሳል። ልብን ያደክማል። ስለዚህ "ድካም ነው" ብሎ መተው አያዋጣም።

ከዚህ በኋላ ያንቺ እገዛ ያስፈልጋል፤ ተኚው ራሱን ማየት አይችልምና። በዚህ ሳምንት አንድ ሌሊት፣ ከተኛ ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልክሽን አልጋው አጠገብ አስቀምጪና 15 ደቂቃ ያህል ቅጂ። ብርሃን ካለ ቪዲዮ ይሁን። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ደረቱ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ሲጠፋ ነው። ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደቆየ ቁጠሪ። በጀርባው ሲተኛ ከሆነ የሚብሰው እሱንም ልብ በይ። ከዚያ ጠዋት ላይ ዝም ብለሽ ጠይቂው፤ ሲነሳ ራሱን ያመዋል? አፉ ይደርቃል? ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳል? ክብደት ጨምሯል? የልብስ ሰፊ ሜትር ካለሽ አንገቱን ለኪው። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቀጭን አንገት ያለው ሰውም ግን ሊኖርበት ይችላል።

ከዚህ ጎን ለጎን የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ። ያገለገለ የተማሪ ደብተር ይበቃል። መቼ ተኛ፣ መቼ ተነሳ፣ ቀን የት የት አሸለበ፣ ቡና መቼ ጠጣ፣ ጫት ከቃመ መቼ፣ ጠላ ወይም አረቄ ከቀመሰ መቼ። ቡናና ጫት ቀን ላይ እንቅልፉን ይደብቁታል፣ ማታ ደግሞ ያበላሹታል። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ግማሹ ገና ከሰውነት አልወጣም። መጠጥ ደግሞ ጉሮሮውን የበለጠ ያላላዋል፤ የዚያን ሌሊት ማንኮራፋቱ ሲብስ ታያለሽ። የሚውጠው መድኃኒት ካለም ጻፉት። የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች፣ ለነርቭ ወይም ለጭንቀት የሚሰጡ መድኃኒቶች እንቅልፍ ሊያመጡ ይችላሉ። ሁለት ሳምንቱ እስኪሞላ ግን ሐኪም ቤት መሄዱን አታዘግዪ። ለሌላ ሰው ጠብቂ እል ነበር፤ መሪ ላይ ለተኛ ሰው አልልም።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ አብረሽ ግቢ። አምና የሆነው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። "ደከመኝ" የሚል ሰው ሲመጣ የተለመደው የደም ምርመራ፣ ታይፎይድ፣ ቫይታሚን፣ አንዳንዴም ግሉኮስ ነው። የሹፌር ድካም ደግሞ ማንንም አያስገርምም። ስለዚህ "ደከመኝ" አይበል። ዓረፍተ ነገሩ ይህ ይሁን፤ "ቀን ቀን ሳልፈልግ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ መሪ ላይም ወስዶኛል፣ ማታ አንኮራፋለሁ፣ ትንፋሼም ይቋረጣል።" ከዚያ ቪዲዮውን አሳዪ። ይህን የሰማ ሐኪም ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። ግፊቱን ይለካል፤ አፍንጫውን፣ ጉሮሮውንና ቶንሲሉን ያያል። ሄሞግሎቢን፣ ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ምርመራም ሊያዝ ይችላል፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ሰውን ያፈዛል፣ ማንኮራፋትንም ያባብሳል።

ጤና ጣቢያ ብትጀምሩም ሪፈር ጠይቁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው፤ የውስጥ ደዌ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። እርግጠኛ የሚሆነው በእንቅልፍ ምርመራ ነው። ሌሊቱን ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ፣ ኦክስጅኑና የልብ ምቱ በመሣሪያ ይመዘገባል። ቤት ተወስዶ የሚታሰር ትንሽ መሣሪያም አለ። ይህ ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። "የት ይሠራል? ስንት ያስከፍላል? እስከዚያ ምን እናድርግ?" ብላችሁ ሦስቱንም ጠይቁ። በነገራችን ላይ፣ እንቅልፉ ጥሩ እንዲሆን ብሎ ማንም የእንቅልፍ ክኒን እንዳይሰጠው። ለእንዲህ ያለ ሰው ዲያዜፓምን የመሰለ መድኃኒት ጉሮሮውን አላልቶ ትንፋሹን ሊያባብስ ይችላል።

በሽታው ከተረጋገጠ ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። በጭንብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ብዙ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀን ቀን ሲነቃ ያየዋል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ጭንብሉን ለመልመድም ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀለል ላለው ሰው ጥርስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ አለ። ቶንሲል ወይም አፍንጫ ውስጥ ያለ መዘጋት ከሆነ እሱ ይታከማል። ክብደት መቀነስ ለወፈረ ሰው በጣም ይረዳል። እስከዚያው በጎኑ ይተኛ፤ በጀርባው እንዳይገለበጥ ከጀርባው ትራስ አድርጊለት። ከመኝታው በፊት ባሉት ሦስት አራት ሰዓታት መጠጥ አይቅመስ። እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ፤ ግን "በጎኔ ተኛሁ እኮ" ብሎ ወደ መሪው ለመመለስ አይበቁም።

ሌላ ምክንያትስ ሊሆን አይችልም? ይችላል። ለምሳሌ ናርኮሌፕሲ የሚባል ብዙ የማይታይ በሽታ አለ። እሱ ግን ብዙ ጊዜ በወጣትነት ነው የሚጀምረው፤ ሰውየው ሲስቅ ወይም ሲደነግጥ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ሊተኛ ሲል ወይም ሲነቃ ዱካክ እንደያዘው ሰው መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ባለቤትሽ ሲስቅ ስኒው ከእጁ ወድቆ ያውቃል? ጉልበቱስ ታጥፎ ያውቃል? ካወቀ ለሐኪሙ ንገሩት። ከጻፍሽልኝ ግን እንደዚያ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ከባዱ። የሚፈራው በሽታውን ሳይሆን ቁልፉን ነው፤ እኔም አልፈርድበትም። ለዚህ ነው "ታመሃል" ብለሽ አትጀምሪ የምልሽ። ቡና ላይም አታንሺው፤ ሰው ፊት የሳቁበትን ነገር በቁም ነገር ሊሰማሽ አይችልም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቪዲዮውን አሳዪውና "ይህ ድምፅ ሲጠፋ ፈርቻለሁ" በይው። የራስሽን ፍርሃት መናገር ከክርክር ይልቅ ይሠራል። የረዳቱን ነገር ስታነሺ ልጁን እንዳትጎጂው ተጠንቀቂ፤ እንጀራው በባለቤትሽ እጅ ነው። "ረዳትህ ከሰሰህ" ከምትይ "ለአንተ ተጨንቆ ነው የነገረኝ" ብትይው ይሻላል።

ለባለንብረቱ ምን ይባላል? ሁሉም ነገር በአንድ ቀን መነገር የለበትም፤ ውሸትም አያስፈልግም። "ሐኪም ሊያየኝ ነው፣ እስኪጨርስ ተተኪ ሹፌር አስገባ" ማለት ይችላል። የሚያምነው ጓደኛ ሹፌር ካለ ራሱ ቢያቀርበው ቦታውን ማንም አይወስድበትም። ባለንብረቱም ቢሆን ሚኒባሱ ከገደል ከሚገባ ለጥቂት ሳምንት ሹፌር ቢቀየር ይመርጣል። ለባለቤትሽ ልትነግሪው የምትችይው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ በሽታ ከተገኘና ከታከመ፣ ቀን ቀን ንቁ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ፣ ብዙ ሹፌር ወደ ሥራው ይመለሳል። ሥራውን የሚያሳጣው ምርመራው ሳይሆን አንድ አደጋ ነው። ገቢው ለጥቂት ሳምንት መቅረቱ ለቤታችሁ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዕቁብ ካላችሁ ዕጣውን ለማስቀደም የምትጠይቁበት ጊዜ ይህ ነው።

"መስኮት እከፍታለሁ፣ ቴፑን ከፍ አደርጋለሁ" ካለሽ፣ እነዚህ እንቅልፍን አያስቆሙም። መንገድ ላይ ለያዘው ሰው የሚሻለው ዳር ይዞ ቆሞ ቡና ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ ማሸለብ ነው፤ ቡናው ሲሠራ እሱም ይነቃል። እሱም ቢሆን ለአንድ ቀን አደጋ ማምለጫ ነው። በየቀኑ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆሞ ማሸለብ የሚያስፈልገው ሹፌር ቀድሞውኑ መነሳት አልነበረበትም። እምቢ ብሎ ከነዳና ሐኪም ሳያየው እንደገና መሪ ላይ ከተኛ ግን፣ እታለም፣ የሚሰማውን ሰው ጥሪ። ታላቅ ወንድሙ ይሁን፣ የንስሐ አባቱ ይሁን። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ያንቺን ነገር በመጨረሻ ያነሳሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ መሪ ስላልያዝሽ ነው። ያንቺ ድካም የእንቅልፍ በሽታ አይመስልም። ደረጃ ስትወጪ ልብሽ መምታቱ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረኝ ደም ማነስን ነው። ወር አበባሽ ይበዛል? ከሰባት ቀን ያልፋል? ሄሞግሎቢን ተመርመሪ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ግን፣ ከፍ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው ይህ ቁጥር ከፍ ተደርጎ መነበብ አለበት። 12 ከነጥብ መጥቶ "ደህና ነሽ" ከተባልሽ "የከፍታው ታስቧል?" ብለሽ ጠይቂ። የእንቅርት ዕጢም አብሮ ይታይ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በቀስታ ልጠይቅሽ። ከዚህ በፊት ደስ ይልሽ የነበረ ነገር አሁንም ደስ ይልሻል? ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅተሽ ስለ እሱ እያሰብሽ ይነጋብሻል? ሌሊት ትንፋሹን እያዳመጠች የምታድር ሴት ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ብላ ዓይኗ ባይከደን አይገርመኝም። ለሐኪሙ ይህንንም ንገሪው። የእሱን ቀጠሮ ስትይዢ ለራስሽም ካርድ አውጪ። ቪዲዮውን፣ ደብተሩንና ሁለቱን የተሞሉ መጠይቆች ይዘሽ ሂጂ።